አምስት ሰዓት እና በአምስት ሰዓት

በቂርያት ጋት ከተማ የሚገኘውና ለትሕትናው ስል ስሙን የማልጠራው ማኅበራችን ለሰው ልጅ ዕውቀት ካበረከታቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ስለ አንድ ሰዓት ርዝመት የደረሰበት ግኝት ነው። ሌላው ዓለም አንድ ሰዓት ስልሳ ደቂቃ ነው ብሎ ተስማምቶ ተቀምጧል። ማኅበራችን ግን አንድ ሰዓት እንደ አስፈላጊነቱ የሚለጠጥ፣ ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ከእራት በኋላም የማያልቅ ነገር መሆኑን በየዓመቱ በሚያወጣው ማስታወቂያ ሲያረጋግጥ ኖሯል።

ማስታወቂያው የሚወጣው በወርኃዊው ዓሎን ላይ ነው። ዓሎናችን ስምንት ገጽ ያለው መጽሔት ሲሆን በቀኝ ሲከፍቱት ዕብራይስጥ፣ በግራ ሲከፍቱት አማርኛ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች መሐል ላይ ይገናኙና በሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ ይለያያሉ። ሊቀ መንበራችን አቶ ሸጋው በፎቶግራፉ ላይ ወደ ሩቅ ይመለከታሉ። የሚመለከቱት ወደ አዲሶቹ የካርሜ ጋት ፎቆች ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ ወደ መጪው ጊዜ ነው ብዬ መዝግቤያለሁ።

ማስታወቂያው ለብዙ ዓመታት አንዲት ቃል ሳይለወጥበት እንዲህ ይል ነበር፦ «የሰንበት ትምህርት ቤታችን በጎ ፈቃደኛ መምህራን ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ።»

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚከፈተው እሑድ ነው። ሰንበት ደግሞ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ነው። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ሲመሠረት ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ነበር፤ ዓላማውም ልጆች የአማርኛ ፊደል እንዲጽፉና የኦሪትን ታሪክ በአያቶቻቸው ቋንቋ እንዲሰሙ ማድረግ ነበር። መሥራቾቹ ሁለት ሳምንት ካስተማሩ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በሰንበት መጻፍ ክልክል መሆኑን አስታወሱ። መጻፍ በማይቻልበት ቀን መጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብዙ እንደማይራመድ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቀብሎ ትምህርቱን ወደ እሑድ አዛወረው። ስሙ ግን አልተዛወረም። ስም ለማዛወር ሌላ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር።

እሑድ ደግሞ በዚህ አገር የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ወታደሩ ቦርሳውን ተሸክሞ በባቡር ወደ ጦር ሰፈሩ የሚመለስበት፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፈረቃ የሚለወጥበት፣ ሁሉም ሰው ከሰንበት ዕረፍቱ የነቃበት ቀን ነው። ማኅበራችን ከሰባቱ ቀናት ሰው የማይገኝበትን መርጦ፣ ከሃያ አራቱ ሰዓት አንዱን ብቻ ጠየቀ። ሰዎችም በሚያስደንቅ ቅንነት ይመጡ ነበር። «አንድ ሰዓት ምን አላት» እያሉ ይመዘገባሉ። በመጀመሪያው እሑድ ወንበር የሚደረድር ሌላ ሰው እንደሌለ ይረዳሉ። በሁለተኛው፣ ትምህርቱን ቤታቸው ተቀምጠው ማዘጋጀት እንዳለባቸው ይረዳሉ። በሦስተኛው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ እንደማያልቁ ይረዳሉ። በአራተኛው የታመመች አክስት ትገኛለች። በዚያ ዘመን በከተማችን የታመሙት አክስቶች ብዛት የጤና ባለሥልጣናትን ሊያሳስብ ይገባ ነበር።

አክስቱ ያልታመመችበት ሰጠው የሚባል አንድ መምህር ብቻ ነበር። እሱ ዓመታትን ብቻውን አስተማረ። ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት፣ ሞተ። ኮሚቴው በዓሎኑ ላይ «የማይተካ» ብሎ ጻፈለት፤ ቃሉንም ጠብቆ ለሰባት ወር ማንንም አልተካም።

ክፍሉ እንደተዘጋ ቀረ። የዚያ ዓመት ጀማሪዎች በሳምንት አንድ ፊደል እየተማሩ ሀን፣ ለን፣ ሐን፣ መን ጨርሰው ሠ ላይ ደርሰው ነበር። ከእነሱ አንዷ የሰባት ዓመቷ ረዑት ናት። እናቷ ደጊቱ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከመስከረም በዓላት በፊት ደጊቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቢሮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እንቢ አለች፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል አለች።

«ልጅቷ ትጠይቀኛለች» አለችኝ። «ጋሽ ሰጠው ከሠ ቀጥሎ የኔ ፊደል ነው ብሎኝ ነበር፣ መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ከሠ ቀጥሎ የሚመጣው ረ ነው። የደጊቱ ልጅ የራሷ ስም በር ላይ ስትደርስ ነበር ትምህርት ቤቱ የተዘጋባት። ለደጊቱ ከበዓላት በኋላ አልኳት። በዚህ አገር ከበዓላት በኋላ የማይደረግ ነገር ስለሌለ አምናኝ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ክፍሉን የሚያውሰን የሰፈሩ የባህል ማዕከል ደብዳቤ ላከ። እሑድ ማታ ክፍሉን የሚፈልጉ ሌሎች አሉ፤ ፒላተስ የሚሠሩ ናቸው፤ እስከ ስግድ በዓል ድረስ ሁለት መምህራን ካላገኛችሁ ክፍሉን ለእነሱ እንሰጣለን ይላል። አቶ ሸጋው ፒላተስ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብበው ከየትኛው ፓርቲ እንደሆኑ ጠየቁ። ምንጣፍ ላይ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ መሆኑ ሲነገራቸው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ፤ ማስታወቂያውን እንዳረቅቅም አዘዙኝ።

አረቀቅሁ። ያቀረብኩት ጽሑፍ ይህ ነበር፦

«የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁለት መምህራን ይፈልጋል። የመምህሩ ሥራ በየሳምንቱ አምስት ሰዓት ነው። አንዱ ሰዓት እሑድ ማታ የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው አሥራ አራት ልጆች አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ቤት ውስጥ መዘጋጃ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ ይበልጣል። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ወንበር መደርደሪያ ነው። አንድ ሰዓት ከትምህርቱ በኋላ ነው፤ ክፍሉን ለማስተካከልና ወላጁ ከፋብሪካ እስኪወጣ ከመጨረሻው ልጅ ጋር ለመቀመጥ። የቀረው አንድ ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ ለወላጆች ሲደወል ያልቃል። መምህራኑ ሁለት የሚሆኑት አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር እንዳይሆንና አንዱ ሲታመም ክፍሉ እንዳይዘጋ ነው። ወንድ መምህር ከልጆች ጋር ለመሥራት በአገሩ ሕግ የሚያስፈልገውን የፖሊስ ማረጋገጫ ያመጣል፤ እንዴት እንደሚጠየቅ እናሳየዋለን። ቃል የሚገባው ከስግድ በዓል እስከ ሻቩዖት በዓል፣ ማለት ከኅዳር እስከ ግንቦት ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀጠል ግዴታ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች መጥቶ ማየትና አልችልም ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም። በወር አንድ ጊዜ ከኮሚቴው ጋር ስብሰባ አለ። ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመናገር አልደፍርም።»

አቶ ሸጋው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ያኔ ነገሩ አይታያቸውም።

«እኅቴ ይሁዲት» አሉኝ፣ «ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?»

«ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«ያለው ይጻፋል እንዴ? ሊመጣ ጫማውን ያጠለቀ ሰው ይህን ሲያነብ መልሶ ያወልቃል።»

ቀጥለውም ስለ ቅስቀሳ ጥበብ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። የንግግሩ ፍሬ ነገር፣ ሰው መጀመሪያ መግባት አለበት፣ የገባበትን ደግሞ ቀስ እያለ ማወቅ አለበት የሚል ነበር። የወጣቶች አስተባባሪያችን ሮይ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ ቀስ እያሉ ሲያውቁ ቀስ እያሉ እንደሚጠፉ ተናገረ። አቶ ሸጋው ይህን የወጣትነት ትዕግሥት ማጣት ነው አሉት። ከዚያም ወደ ታሪክ ዞሩ።

«ወንድማችን ሰጠው» አሉ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ በሳምንት አንዲት ሰዓት ሰጠን። አምስት ሰዓት ነው ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«እሑድ ማታ እራቱን የማሞቀው እኔ ነበርኩ» አልኩ።

ይህን ያልኩት ሰጠው ባለቤቴ ስለነበረ ነው። ከዚህ በላይ ለጉባኤው ማብራራት አላስፈለገም። አቶ ሸጋው የውኃ ጠርሙሱን ክዳን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት፤ ሮይ ስልኩን በግንባሩ ደፋው።

ሊቀ መንበር ግን ለሊቀ መንበርነት የተፈጠረ ሰው ነው። በለሰለሰ ድምፅ ሮይን ጠየቁት።

«ትምህርቱ የሚጀመረው በስንት ሰዓት ነው?»

«በአምስት። ከሰዓት በኋላ።»

«በአምስት ሰዓት» አሉ አቶ ሸጋው። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ እስክሪብቶዬን ለመኑኝ። «የመምህሩ ሥራ በየሳምንቱ አምስት ሰዓት ነው» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ከ«አምስት» በፊት፣ አንዲት «በ» ጨመሩ።

«የመምህሩ ሥራ በየሳምንቱ በአምስት ሰዓት ነው» ብለው አነበቡ። «ውሸት አለበት?»

አልነበረበትም። ሥራው በአምስት ሰዓት መሆኑ እውነት ነው፤ አምስት ሰዓት መሆኑም እውነት ነው። ሊቀ መንበሩ አንዱን እውነት በሌላው እውነት ሸፍነው ነበር፤ ለዚህም አንዲት ፊደል ብቻ ፈጀባቸው። በፊደል ቁጠባ ረገድ ከዚህ የተሻለ ሥራ በማኅበሩ ታሪክ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ሁሉ በቦታ ጥበት ምክንያት እንዲወጣ ተወሰነ፤ የተገኘው ቦታም ለፎቶግራፉ ማስፊያ ተመደበ።

ልንነሣ ስንል ሮይ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ የዕብራይስጡስ?»

«የዕብራይስጡ ምን ሆነ?»

«ትናንት እትዬ ይሁዲት የጻፉትን ተርጉሜ ለማተሚያ ቤቱ ልኬዋለሁ።»

«በጣም ጥሩ። ትጉህ ልጅ ነህ» አሉት፤ ኮታቸውንም ለበሱ።

ሮይ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። አልተጠየቅሁም።

እንግዲህ የዚያ ወር ዓሎን እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ በግራ ለከፈተው፣ ሥራው በአምስት ሰዓት ነው፤ በቀኝ ለከፈተው፣ ሥራው አምስት ሰዓት ነው፣ ከነዝርዝሩ። መሐል ላይ አቶ ሸጋው ሰፋ ብለው ወደ መጪው ጊዜ ይመለከታሉ። ሁለቱም ወገን ፍላጎት ያለው ሰው እሑድ ወደ ክፍሉ እንዲመጣ ይጠይቃል።

እሑድ ጠዋት፣ ከቀትር አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ የማዕከሉ ዘበኛ ደወለልኝ። ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሩ ላይ ቆመው ክፈት እያሉኝ ነው አለ። ስደርስ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ፊት ላይ እማማ ማንአለብሽ ተቀምጠዋል። እማማ ማንአለብሽ ከጎንደር በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ በቀጠሮ አርፍደው የማያውቁ ሴት ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ማስታወቂያውን ያነበበላቸው ጎረቤት ነው።

«እማማ፣ ቀጠሮው በአምስት ሰዓት ነው» አልኳቸው።

ፀሐይዋን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ታዲያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ልክ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ነበር። ማስታወቂያው የሚለው ከሰዓት በኋላ ያለውን፣ በዚህ አገር አቆጣጠር አምስት የሚባለውን ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

«የተጻፈው በምንድን ነው?»

«በአማርኛ።»

«ታዲያ በአማርኛ የጻፉትን ሰዓት በአማርኛ ነው የሚቆጥሩት። በዕብራይስጥ እንድቆጥረው ከፈለጉ በዕብራይስጥ ይጻፉልኝ።»

ለአቶ ሸጋው ደወልኩ። አቶ ሸጋው በስልክ፣ በአምስት ሰዓት ይምጡ በያቸው አሉኝ። እማማ ማንአለብሽ፣ በአምስት ሰዓት መጥተናል በይው አሉኝ። ይህ መልእክት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነኝ ብለው ዘጉ። እንግዶቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። እማማ ማንአለብሽ ሄጄ ስመለስ ደግሞ ሌላ ሰዓት ሊባል ነው አሉ። አንዱ ሽማግሌ ከኪሳቸው የማይጠፋውን ደረቅ ዳቦ አወጡ፤ ሌላው ራዲዮ ከፈቱ። ተቀመጡ። ከቀትር አለፈ፣ ጥላው ዞረ፣ እነሱም ከጥላው ጋር አግዳሚውን እየገፉ ዞሩ። ዘበኛው መጀመሪያ ላይ ቢቆጣም በኋላ ከእነሱ ጋር ምሳውን በላ።

አቶ ሸጋው በዚህ አገር አምስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ የጠበቃቸው ነገር ደረታቸውን የሚያስነፋ ነበር። ከጠዋቶቹ ዘጠኝ ሌላ አሥራ ሰባት ሰው መጥቷል። ክፍሉ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ከሥራ ወጥተው የመጡ፣ ከገበያ ዘንቢል ይዘው የገቡ፣ ባለቤቷ ልኳት የመጣች ሁሉ አሉ። ልጆቹም መጥተዋል፤ ረዑት ከፊት ተቀምጣ ሰሌዳውን ትመለከታለች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

«አየሽ» አሉኝ አቶ ሸጋው በጆሮዬ። «አንዲት በ።»

ንግግራቸውን ጀመሩ። ማኅበሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሸጋገር ድልድይ መሆኑን፣ የድልድዩም ምሰሶ ሕዝቡ መሆኑን ገለጹ። ሕዝቡ ምሰሶ ሆኖ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያም ጥያቄ ያለው ካለ አሉ፤ ይህን ሁልጊዜ የሚሉት ጥያቄ እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው። እማማ ማንአለብሽ ክፍሉ ውስጥ ካስገቡት አግዳሚ ሳይነሡ ጠየቁ።

«ሥራው መቼ እንደሚጀመር አውቄያለሁ፤ እስኪጀመር ስጠብቅ ነው የዋልኩት። የሚያልቀው መቼ ነው?»

«እሱ እንግዲህ እንደ ሁኔታው የሚታይ ይሆናል፣ እናቴ።»

«ማን ነው የሚያየው?»

አቶ ሸጋው መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አነሡ። በዚህ ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ዓሎኑን በቀኝ በኩል ገልጣ አሳየች። ያርደን ትባላለች፤ ካርሜ ጋት የምትኖር የነርስነት ተማሪ ናት። አጠገቧ ቤኒ የሚባል፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ቆሟል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ የሚያገናኛቸው መጽሔቱን በአንድ ወገን መግለጣቸው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ተጽፏል እኮ» አለች ያርደን። «ሐሜሽ ሻዖት። አምስት ሰዓት ነው። ምን ምን እንደሆነም ይላል።»

«ልክ ነው፣ ልጄ። በአምስት ሰዓት።»

«አይ ጋሼ። በአምስት ለማለት ዕብራይስጡም በ ይጨምራል፤ በሐሜሽ ይል ነበር። እዚህ በ የለም።»

ሊቀ መንበሩ ከእግዚአብሔር ቋንቋ ይህን አልጠበቁም ነበር። በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ሥራ የምትሠራ አንዲት ፊደል መኖሯን ያን ምሽት ቆመው ተማሩ። ያርደን ገጹን እያየች ወደ አማርኛ መለሰችው፤ መዘጋጃውን፣ ወንበር መደርደሩን፣ ስልኩን፣ የመጨረሻውን ልጅ፣ ሻቩዖትን፣ የኮሚቴውን ስብሰባ ሳይቀር። እያነበበች ሳለ ክፍሉ እየሰፋ መጣ። አንዱ አውቶቡስ አለብኝ አለ። አንዷ እሳት ላይ የጣደችው ትዝ አላት። ባለቤቷ የላካት ሴት ባለቤቷን ልልከው ብላ ወጣች። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አምስቱ ሄዱ። የገቡት ቀስ በቀስ ነበር፤ የወጡት ግን አንድ ላይ ነው።

«ይኸውልሽ» አሉኝ አቶ ሸጋው፣ በሐዘን። «እውነት የሠራችውን አየሽ?»

አየሁ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ያርደንና ቤኒ፣ ልጆቹና ዘጠኙ ሽማግሌዎች ነበሩ። የምንፈልገው ሁለት ሰው ነበር፤ ሁለት ሰው አለ። አቶ ሸጋው ይህን ስሌት ለመቀበል ስላቃታቸው ቤኒን በርኅራኄ ጠየቁት።

«አምስት ሰዓት መሆኑን እያወቅህ ነው የመጣኸው?»

«እያወቅሁ ነው እንጂ። አምስት ከሆነ አለቃዬን አናግሬ ፈረቃዬን አስተካክላለሁ። ሐሙስ ማታ አዘጋጃለሁ፤ እሑድ በጠዋቱ ፈረቃ እገባለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ ብትሉኝ ኖሮ ምኑን አስተካክለው ነበር? መጥቼ በአራተኛው ሳምንት አክስቴ ትታመም ነበር።»

አቶ ሸጋው ወደ ያርደን ዞሩ።

«እኔ እዚሁ ነው ፊደል የተማርኩት» አለች። «ከጋሽ ሰጠው ጋር። በየዓመቱ አንድ ሰዓት ብቻ የሚለውን ሳነብ እስቅ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ እኔ ነበርኩ። እማዬ ከሥራ እስክትወጣ ውጭ ደረጃው ላይ፣ ዘበኛው አጠገብ፣ ወንበር አውጥቶ አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። ሂድ ስለው፣ እኔም እናትሽን እየጠበቅኋት ነው ይለኛል። ዘንድሮ በትክክል የጻፈው ማን እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት።»

ስለዚህ እራቱን ስታቀዘቅዝ የኖረችው እሷ ነበረች። ለዓመታት ሳላውቃት የተቀየምኳት ሰው ቁመቷ ከኔ በልጦ ፊቴ ቆማለች። ወንበር ከየት እንደሚወጣ አሳየኋት።

የቀረው የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ነበር። አቶ ሸጋው ስለ መጉላላታቸው ማኅበሩ ያዘነ መሆኑን ሊገልጹ ሲነሡ እማማ ማንአለብሽ በእጃቸው አስቀመጧቸው።

«እኛ ማንበብ አንችልም» አሉ። «ማስተማር አንችልም። መጠበቅ ግን አሁን ስናደርግ ውለናል። ከልጅ ጋር መቀመጥ ነው የተባለው ነገር ስንት ነው?»

«አንድ ሰዓት» አለች ያርደን።

«ብቻ?» አሉ እማማ ማንአለብሽ።

በማኅበራችን ታሪክ «ብቻ» የምትለው ቃል በእውነት ስትነገር የሰማሁት ያኔ ነው።

እንዲሁም ተደረገ። ከሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለቱ በየተራ ትምህርቱ ሲያልቅ ክፍሉን አስተካክለው ከመጨረሻው ልጅ ጋር ይቀመጣሉ፤ ለወላጆቹ የሚደውሉትም እነሱ ናቸው፤ ወላጅ ሁሉ የእነሱን ስልክ ለማንሣት ይፈራል። በዚህም የመምህራኑ ሥራ ከአምስት ሰዓት ወደ ሦስት ወረደ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሥራ ከማስታወቂያው ሲያንስ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ኮሚቴው ስሕተቱን እንዴት እንደሚያርም እየተወያየበት ይገኛል። የቤኒ የፖሊስ ማረጋገጫ እስኪመጣ ያርደን ከእኔ ጋር አስተማረች። ክፍሉ የእኛ ሆነ። ፒላተሶቹ ማክሰኞ ተሰጣቸው፤ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ አብረው ጀምረዋል ይባላል።

በዚያው የመጀመሪያ እሑድ ምሽት ያርደን ሰሌዳው ላይ ረን ጻፈች። ረዑት በጣቷ በአየር ላይ ተከተለቻት። ደጊቱ ከፋብሪካ ስትደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ልጅቷ ውጭ ደረጃው ላይ በእማማ ማንአለብሽ ጉልበት አጠገብ ተቀምጣ፣ ፊደሏን በጠጠር መሬት ላይ እያሳየቻቸው ነበር። እማማ ማንአለብሽ ይህ ጎበጥ ያለው ነገር ምንድን ነው አሉ፤ እኔ ነኝ አለቻቸው።

የሚቀጥለው ወር ዓሎን በሁለቱም ወገን «ግልጽነት፦ የማኅበራችን የማይናወጥ መርሕ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ጸሐፊው አቶ ሸጋው ናቸው። ኮሚቴው ለበጎ ፈቃደኞች የሥራውን ሰዓት በግልጽ የመናገር ጥበብን እንዴት እንዳመነጨና ይህንንም በአንድ አጭር ስብሰባ እንዴት እንደወሰነ ይተርካል። ስብሰባው አጭር እንደነበር እኔም በዓሎኑ ነው ያወቅሁት።

ልጆቹ ሰን፣ ሸን፣ ቀን አለፉ። አንድ እሑድ አቶ ሸጋው ክፍሉን ሊጎበኙ መጥተው ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። ለሌሎች ማኅበራት ምሳሌ የሚሆን የግልጽነት ኮሚቴ ለማቋቋም አስበዋል፤ ሰብሳቢዋ እኔ እንድሆን ይፈልጋሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብዙ አይደለም፣ እኅቴ ይሁዲት። በወር አንድ ሰዓት ነው።»

«አንድ ሰዓት ነው ወይስ በአንድ ሰዓት?» አልኳቸው።

አቶ ሸጋው መነጽራቸውን አወለቁ። ወዲያው በበሩ በኩል የያርደን ድምፅ ተሰማ፤ አሥራ አራቱም ልጆች እየጮኹ ተከተሏት፦ በ፣ ቡ፣ ቢ።